ለዲቪ 149 ዶላር ተከፍሎልኛል፤ አሁን ራሴ ብሞላ እጥፍ ይሆንብኛል?

ብርቱካን_ማርቆስ (ደብረ ማርቆስ) — ጥቅምት 5 ቀን 2017

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ጉዳዬ የዘንድሮው ምዝገባ፣ ማለትም ዲቪ 2026 ነው። ባለፈው ሐምሌ፣ እኔ ኢንተርኔት እንደ ልብ ስላልነበረኝ፣ ዱባይ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ሊሞላልኝ ፈልጎ በስልኩ ሲያስስ ከሁሉ በላይ የወጣለትን ድረ ገጽ ከፈተ። ባንዲራና ንስር ያለበት፣ መንግሥታዊ የሚመስል ገጽ እንደ ነበር ነግሮኛል። መጀመሪያ ስለ ዕድሜና ስለ ትምህርት ጥቂት ጥያቄ ጠየቁት፤ ወዲያው «ብቁ ሆነው ተገኝተዋል» አሉት፤ ከዚያም 149 ዶላር በካርዱ ከፈለ። በማግስቱ «ማመልከቻዎ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ኢሜይል ከአንድ ቁጥር ጋር ደረሰው። ብሩን በዛሬው ምንዛሬ ሳስበው ከ15,000 ብር በላይ ነው።

አሁን ጎረቤቴ የዘንድሮውን ዲቪ መሙላት ያለ ክፍያ እንደሆነና ምዝገባው የተከፈተው ገና መስከረም 22 መሆኑን ነገረችኝ። እኔም ራሴ ልሞላ ተነሣሁ፤ ግን ሁለት ጊዜ የሞላ ሰው ከናካቴው ይሰረዛል ሲሉ ሰምቻለሁ። እነዚያ ሰዎች በስሜ ልከው ከሆነ ራሴን ላበላሽ ነው፤ ካልላኩ ደግሞ ዓመቱ ሊያልፈኝ ነው። የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ እወዳለሁ።

ዓባይ_ዳር (ባሕር ዳር) — ጥቅምት 5

እኅቴ፣ አትጨነቂ። የድረ ገጹ አድራሻ መጨረሻው `.gov` ካልሆነ ሌባ ነው፤ ሌባ ደግሞ ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ ቅጽ ለመሙላት አይደክምም። ስለዚህ ዝም ብለሽ ሙዪ። ልከውት ቢሆን እንኳ ኮምፒውተሩ ቀድሞ የገባውን ይዞ ሁለተኛውን ይጥለዋል እንጂ ሁለቱንም አይሰርዝም። እኔ የማውቃቸው ልጆች ሦስት ጊዜ ሞልተው ምንም አልሆኑም።

ጽሕፈት_ቡሬ (ቡሬ) — ጥቅምት 6

ቡሬ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ብዙ ሰው አጠገቤ አስቀምጬ ስለምሞላ ጉዳዩን በቅርብ አውቀዋለሁ። የዓባይ_ዳር አስተያየት ግማሹ ልክ ነው። ምዝገባ የሚገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም `dvprogram.state.gov` ነው። የእጥፉ ነገር ግን እንደ ተባለው አይደለም። ደንቡ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ ማመልከቻ ከገባ ያ ሰው ውድቅ ይሆናል ነው የሚለው፤ ማን እንደላከው፣ የትኛው እንደቀደመ አይጠይቅም። ስምና የልደት ቀን ብቻ ሳይሆን ፎቶም በኮምፒውተር ይነጻጸራል። ሦስት ጊዜ ሞልተው «ምንም ያልሆኑት» ልጆች መውደቃቸውን የሚነግራቸው ስለሌለ ነው እንጂ፣ ያልደረሰው ሰው ዕጣ ስላልወጣለት ይሁን ስለተሰረዘ ለይቶ አያውቅም።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልመለስ። በሐምሌ የደረሳችሁ «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚለው ወረቀት አንድ ነገር በእርግጠኝነት ያሳያል፤ ያን ቀን ወደ አሜሪካ የሄደ ማመልከቻ የለም። የዲቪ 2026 መዝገብ የተከፈተው በእኛ መስከረም 22 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የሚቀበል በር አልነበረም። እነርሱ የተቀበሉት ገንዘቡንና የአንቺን ዝርዝር ነው፤ የሰጡሽ ቁጥርም የድርጅታቸው የደንበኛ ቁጥር ነው። እንዲህ ያሉት ገጾች ዓመቱን በሙሉ «ይመዝግቡ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ሰብስበው ይቆዩና በጥቅምት አንዳንዶቹ ይልካሉ፣ አንዳንዶቹ አይልኩም። ስለዚህ ጥያቄው በሐምሌ ላኩ ወይ ሳይሆን ካለፉት ሁለት ሳምንታት ወዲህ ልከዋል ወይ የሚለው ነው።

ይህን ለመለየት የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለ፤ ወንድምሽ ፎቶ አስገብቷል? ትክክለኛው ቅጽ ያለ ፎቶ አይሄድም። ከስድስት ወር ያልበለጠ፣ መነጽር የሌለበት፣ ጀርባው ነጣ ያለ፣ አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ፎቶ ይፈልጋል፤ መጠኑም ከ240 ኪሎ ባይት መብለጥ የለበትም። ፎቶ ካልተጠየቃችሁ አልላኩም ብለሽ በሙሉ ልብ መሙላት ትችያለሽ።

አዴት_12 (አዴት) — ጥቅምት 6

ይቅርታ፣ እዚህ ሁሉም «ነፃ ነው» ሲል ግራ ገባኝ። የአጎቴ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ዲቪ ደርሶት አዲስ አበባ ኤምባሲ 330 ዶላር ከፍሏል፤ ለሕክምና ምርመራም ሌላ ከፍሏል። እንግዲህ የእኅታችን 149 ዶላር ከዚያ ያነሰ ነውና ምናልባት ቅድሚያ ክፍያ ሊሆን አይችልም? ወንድሟን ከመውቀስ በፊት ይህን ብታጣሩ።

ጽሕፈት_ቡሬ (ቡሬ) — ጥቅምት 6

ወንድሜ፣ የአጎትህ ልጅ የከፈለው ትክክለኛ ክፍያ ነው፤ ግን የቃለ መጠይቅ ክፍያ ነው። እርሱን የሚከፍለው ዕጣ የወጣለት ሰው ብቻ ነው፤ የሚከፍለውም ኤምባሲው ገንዘብ መቀበያ ላይ በአካል ቀርቦ ነው እንጂ በኢሜይል፣ በሐዋላ ወይም በካርድ አስቀድሞ አይደለም። በዘንድሮው ዲቪ 2026 ለመመዝገብ የሚከፈል ነገር የለም፤ ቅድሚያ ክፍያ የሚባል ነገርም የለም። እንዲያውም አጭበርባሪዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጡት በዚህች በር ነው። «ደርሶዎታል፤ 330 ዶላሩን አሁን ይላኩ» ይላሉ፤ ቁጥሩ እውነተኛውን ስለሚመስል ብዙ ሰው ያምናል። ዕጣ መውጣቱን በኢሜይል የሚያበሥር መሥሪያ ቤት የለም፤ ሰው ራሱ ከግንቦት ወዲህ ገጹ ላይ ገብቶ ያያል።

ብርቱካን_ማርቆስ (ደብረ ማርቆስ) — ጥቅምት 7

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ፎቶው ወንድሜን ደውዬ ጠየቅሁት። በሐምሌ አልጠየቁትም ነበር፤ ነገር ግን በመስከረም መጨረሻ «ፎቶ ይላኩ» ብለው ጽፈውለት ኖሮ ከፌስቡኬ አውርዶ አንድ ላከላቸው። የላከው የምረቃ ፎቶዬን ነው፤ በ2014 የተነሣሁት፣ ጥቁሩን ቆብ አድርጌ። ከዚያ ወዲህ ያገኘው መልስ የለም። በቅጹ ላይ የሰጠው ኢሜይልም የእርሱ ነው፤ እንዲያውም «ለጥንቃቄ ሲባል የድርጅታችንን ኢሜይል እንጠቀማለን» የሚል ነገር አንብቤያለሁ ይላል። እንግዲህ ይህ ምን ማለት ነው?

መምህር_ፍሰላም (ፍኖተ ሰላም) — ጥቅምት 7

ስለ ኢሜይሉ የተጻፈውን ሳነብ የእኅቴ ልጅ ላይ የደረሰው ትዝ አለኝና ልናገር፤ በድረ ገጽ ሳይሆን በደላላ በኩል የሆነ ቢሆንም መንገዱ ያው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማችን አንድ ሰው በርከት ያሉ ወጣቶችን በጥቂት ብር ሞላላቸው፤ ለማንም የማረጋገጫ ቁጥሩን አልሰጠም። በግንቦት ቤቱ መጥቶ «ለአንተ ወጥቶልሃል፤ ቁጥሩን የምሰጥህ ግን ከዚህች ልጅ ጋር ጋብቻ ከፈጸምክ ነው፤ የእርሷ ቤተ ሰቦች ይከፍሉኛል» አለው። ልጁ ያላገባ ብሎ ተመዝግቦ ነበርና ከምዝገባ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ይፈቀዳል ብለው ሊያግባቡት ሞከሩ። እኔ ከለከልሁት፤ ኤምባሲው ፊት በውሸት ጋብቻ የቀረበ ሰው ለዚያ ዓመት ብቻ ሳይሆን ለወደፊቱም በሩ ሊዘጋበት እንደሚችል አውቅ ነበርና።

ቁጥሩን ያለ ደላላው ለማግኘት ሞከርን። በገጹ ላይ ቁጥር የጠፋበት ሰው የሚያገኝበት ቦታ አለ፤ ግን ስምን፣ የልደት ቀንንና በማመልከቻው ላይ የተጻፈውን ኢሜይል ይጠይቃል። ኢሜይሉ የደላላው ነበር። ከዓመት በኋላ በመስከረም 20 ገደማ የዲቪው ዓመት አበቃ፤ ልጁም በእርግጥ ወጥቶለት እንደ ነበር ወይም ሰውየው ሲዋሽ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አናውቅም። ስለዚህ ብርቱካን ልጄ፣ ከ149 ዶላሩ ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ይህ «የድርጅታችን ኢሜይል» የሚለው ነገር ነው።

ጽሕፈት_ቡሬ (ቡሬ) — ጥቅምት 8

መምህር ያሉት የጉዳዩ ዋና ነው። ለውጤት ማያው ገጽ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ፣ የቤተ ሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው ስምና የልደት ዓመት። በእኛ አገር ከሦስቱ ሁለቱ ያሳስታሉ። አንዱ ሞይ የአባትን ስም፣ ሌላው የአያትን ስም በዚያ ቦታ ይጽፋል። የልደት ዓመቱንም ስምንት ብቻ ደምረው የሚጽፉ አሉ፤ ለምሳሌ መስከረም 5 ቀን 1990 የተወለደ ሰው ልደቱ በእነርሱ አቆጣጠር መስከረም 15 ቀን 1997 ነው እንጂ 1998 አይደለም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ የሚደመረው ሰባት ነውና። ባዕድ ድርጅት ይህን ከየት ያውቃል? ቁጥሩን ቢሰጡሽ እንኳ እንዴት አድርገው እንደጻፉሽ ካላወቅሽ ገጹ አይከፈትልሽም።

ፎቶው ደግሞ ነገሩን አወሳሰበው። በሐምሌ አለመጠየቃቸውና በመስከረም መጨረሻ መጠየቃቸው፣ ምዝገባው ሲከፈት በእርግጥ ከሚልኩት ወገን ሊሆኑ እንደሚችሉ ያሳያል። ልከውት ከሆነ ግን ያ ማመልከቻ ከወዲሁ የታመመ ነው፤ ፎቶው ሁለት ዓመት ያለፈው ከመሆኑም በላይ ለሃይማኖት ያልሆነ የራስ መሸፈኛ አይፈቀድም። አንድ ጊዜ የተላከ ማመልከቻም አይታረምም፣ አይሳብም።

የምመክርሽ ይህን ነው። ዛሬውኑ ወንድምሽ በከፈለበት ኢሜይል ይጻፍላቸው፤ ልከው ከሆነ ስምሽ፣ የልደት ዓመትሽና የማረጋገጫ ቁጥሩ ያለበትን የመጨረሻውን ገጽ ቅጂ ይላኩ፤ ካልላኩ ግን እንዳይልኩ፣ አገልግሎቱም እንደተሰረዘ በጽሑፍ ይመልሱ። የጊዜ ገደብም ስጧቸው። መዝገቡ የሚዘጋው ጥቅምት 28 በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ገጹ ስለሚጨናነቅ እስከ ጥቅምት 18 ጠብቂና ከዚያ ወስኚ።

ዓባይ_ዳር (ባሕር ዳር) — ጥቅምት 8

ስለ እጥፉ እሺ፣ ታረምሁ። ሆኖም አንድ ነገር ልጠይቅ። ጽሕፈት_ቡሬም ቢሆን ለአንድ ሰው ብር ተቀብሎ ነው የሚሞላው። የእርሱ ብር ሐላል የዱባዩ ዶላር ሐራም የሚሆነው በምን ሚዛን ነው? ነፃ ከሆነ ነፃ ነው።

ጽሕፈት_ቡሬ (ቡሬ) — ጥቅምት 9

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አልቆጣም። እኔ የምሸጠው የጣቴንና የካሜራዬን ሥራ ነው፤ 200 ብር እቀበላለሁ፤ ፎቶ ማንሣቱና ማተሙ በዚያው ውስጥ ነው። ባለ ጉዳዩ አጠገቤ ተቀምጦ እያንዳንዱን መልስ ራሱ ይሰጣል፤ ኢሜይሉ የራሱ ነው፤ ሲያልቅ የማረጋገጫ ገጹን አትሜ እሰጠዋለሁ። የአሜሪካ መንግሥት መመሪያም ሰው ራሱ እንዲሞላ አጥብቆ ይመክራል፤ ሌላ ሰው ከሞላለት ግን እርሱ በቦታው ይገኝ፣ ቁጥሩንም እርሱ ይያዝ ይላል። ክፍያ በመጠየቁ ብቻ ወንጀለኛ የሚሆን የለም። ልዩነቱ ምን ብለህ ሸጥህ የሚለው ላይ ነው።

እነዚያ ገጾች የሚሸጡት ሌላ ነገር ነው። አንዳንዶቹ «ዕድልዎን እናሳድጋለን» ይላሉ፤ ዕጣው በኮምፒውተር በዘፈቀደ የሚወጣ ስለሆነ ማንም የሚያሳድገው ነገር የለም። አንድ ደንበኛዬ ያሳየኝ ገጽ ደግሞ «የባልና ሚስት እጥፍ ዕድል» ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቅ ነበር። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስም መሙላት እንደሚችሉና ለአንዱ ከወጣ ሌላው አብሮ እንደሚሄድ ደንቡ ራሱ የሚፈቅደው፣ ዘንድሮ ምንም የማይከፈልበት መብት ነው። ገጹን እስከ ታች ብትወርድ በደቃቅ ፊደል «ከመንግሥት ጋር ግንኙነት የለንም» የሚል ታገኛለህ፤ ባንዲራው ከላይ ትልቅ፣ እውነቱ ከታች ትንሽ ሆኖ ነው የሚጻፈው።

በእኛም ሙያ የራሳቸውን ኢሜይል አስገብተው ቁጥሩን የሚይዙ መኖራቸውን መምህር ነግረውናል። እነርሱን ከዱባዩ ገጽ አልለይም፤ ዋጋቸው ብቻ ነው የሚያንሰው።

ሞጣዊት (ሲልቨር ስፕሪንግ) — ጥቅምት 10

የሞጣ ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ስለ ገንዘቡ ማንም ስላላነሣ እኔ ልጨምር። ክፍያው በካርድ ከሆነ ወንድምሽ ባንኩን ደውሎ ክፍያውን መቃወም ይችላል፤ ምክንያቱንም «መንግሥታዊ መስለው ያለ ክፍያ የሚገኝ አገልግሎት ሸጡልኝ፤ የተባለውንም አልፈጸሙም» ብሎ ያስረዳ። ለተቃውሞ ባንኮች የቀን ገደብ ስላላቸው ከሐምሌ ወዲህ የሄደው ጊዜ ያሳስበኛል፤ ቢሆንም መጠየቅ አይጎዳም። ከዚያ ይልቅ የሚያስቸኩለው ሌላ ነው፤ እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ በየዓመቱ በራሱ የሚታደስ ክፍያ ውስጥ ያስገባሉ። ያ ካርድ ካልታገደ በሚቀጥለው ሐምሌ ሌላ 149 ዶላር ሊቆረጥ ይችላል፤ ይባስ ብሎም ለዲቪ 2027 ሳትጠየቂ በስምሽ ሊልኩ ይችላሉ። ስለዚህ የስረዛው ደብዳቤ ለዘንድሮ ብቻ ሳይሆን ለወደፊቱም መሆኑን በግልጽ ይናገር።

እዚህ ያለን ዘመዶችም ጥፋት አለብን። አገር ቤት ያለው ሰው ካርድ ስለሌለው እኛ እንከፍልለታለን፤ የውጭ ካርድ የሚጠይቅ «ነፃ» ምዝገባ ምን ዓይነት ነው ብለን አንጠይቅም።

ብርቱካን_ማርቆስ (ደብረ ማርቆስ) — ጥቅምት 17

መልስ መጣ። ወንድሜ ከጻፈ በኋላ ሁለት ጊዜ ዝም ብለውት ነበር፤ ካርዱን አግዶ ባንኩ ዘንድ መቃወሙን ሲነግራቸው በማግስቱ ጻፉለት። ቃል በቃል ላስቀምጠው አልችልም፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነውና፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው። «የደንበኛዋ ፋይል በፎቶ ጉድለት ምክንያት በመጠባበቅ ላይ ነው፤ እስካሁን አልተላከም፤ አዲስ ፎቶ ካልመጣ አይላክም፤ ክፍያው ለቅድመ ዝግጅት ስለዋለ አይመለስም።» የስረዛ ጥያቄውን «ተቀብለናል» ብለዋል፤ ለወደፊቱም ማለታቸው እንደሆነ ግን አልገለጹም።

ለካስ የምረቃ ቆቤ ነው ያዳነኝ። አሁን ልሙላ?

መምህር_ፍሰላም (ፍኖተ ሰላም) — ጥቅምት 17

እኔ ብሆን አልቸኩልም። ለገንዘብ የዋሸ ሰው ስለ መላክም ሊዋሽ ይችላል። ባንኩን ስለፈሩ «አልላክንም» ማለት ይቀላቸዋል፤ ልከው ከሆነ ደግሞ አንቺ ስትሞዪ ሁለቱም ይወድቃሉ።

ጽሕፈት_ቡሬ (ቡሬ) — ጥቅምት 18

መምህር፣ ስጋትዎ እውነት ነው፤ ግን ሒሳቡን ልብ ይበሉት። ልከው ከሆነ የላኩት በዚያ በቆቡ ፎቶ ነው፤ እርሱ ብቻውን ቢቀር እንኳ ውድቅ የሚሆን ማመልከቻ ነው፤ ቁጥሩም በእጇ የለም። ስለዚህ ባትሞላ የምታተርፈው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ካልላኩ ደግሞ ብትሞላ ሙሉ ዕድል አላት። ለዚህ ነው እኔ ትሙላ የምለው፤ እርግጠኛ ሆኜ ግን አይደለም፤ ከውጭ ሆኖ ማወቂያ መንገድ የለምና።

ብርቱካን፣ ስትሞዪ በዚህ ሳምንት በተነሣሽው አዲስ ፎቶ ይሁን፤ ቆብም መነጽርም ሳታደርጊ። ስምሽን ፓስፖርት ካለሽ እንደ ፓስፖርትሽ፣ ከሌለሽ ወደፊት ፓስፖርት ስታወጪ በምትጠቀሚበት አኳኋን አስጽፊ። ቅጹ ከተከፈተ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጠናቀቅ ስላለበት ኔት በማይቆራረጥበት በጠዋቱ ሂጂ። የመጨረሻው ገጽ ሳይታተም ከወንበሩ አትነሺ።

ዓባይ_ዳር (ባሕር ዳር) — ጥቅምት 18

በዚህ ከጽሕፈት_ቡሬ ጋር ነኝ። መምህር ግን የሚሉት ቢደርስ ማን ይጠየቃል?

መምህር_ፍሰላም (ፍኖተ ሰላም) — ጥቅምት 18

ማንም አይጠየቅም። እኔም ያልሁት አትሙላ ሳይሆን፣ ፎቶው የታመመ መሆኑን እነርሱ ካወቁ በኋላ ከሌላ ቦታ ሌላ ፎቶ አውርደው እንዳይልኩ ነው። ፌስቡኳ ላይ ያሉት ፎቶዎች ለሁሉም ክፍት ናቸው ወይ?

ብርቱካን_ማርቆስ (ደብረ ማርቆስ) — ጥቅምት 20

ክፍት ነበሩ፤ ዛሬ ዘግቻቸዋለሁ። ትናንት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚሁ ማርቆስ አንድ ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ ሞላሁ፤ በራሴ ኢሜይል፣ በአያቴ ስም በመጨረሻው ቦታ። የታተመውን ገጽ አንዱን እኔ ዘንድ፣ አንዱን እናቴ ዘንድ አስቀምጫለሁ። ልጁ 150 ብር ነው የተቀበለኝ። የወንድሜ ባንክ ደግሞ ማስረጃ እንዲያቀርብ ጠይቆታል፤ ድረ ገጹ በሐምሌ «ተቀባይነት አግኝቷል» ያለበትን ኢሜይልና አሁን «አልተላከም» ያለበትን ጎን ለጎን ልኮላቸዋል። ሞጣዊት፣ ለባንኩ ሌላ የሚጨመር ማስረጃ ካለ ንገሪን፤ እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥተውታል።

ሞጣዊት (ሲልቨር ስፕሪንግ) — ጥቅምት 20

ሁለቱ ኢሜይሎች ጥሩ ናቸው። ከእነርሱ ጋር ገጹ አሁን ምን እንደሚመስል ስክሪንሾት አንሡ፤ ባንዲራው፣ ዋጋውና ከታች ያለው ደቃቅ ጽሑፍ በአንድ ላይ እንዲታይ፤ ሳይቀይሩት ዛሬውኑ ይሁን። ምዝገባው የተከፈተበትን ቀን የሚያሳየውን የመንግሥት ገጽም ጨምሩ፤ ከሐምሌው ኢሜይል ጋር ሲተያይ በዚያ ወር የሚላክበት ቦታ እንዳልነበረ ባንኩ ራሱ ያየዋል።